አንቴናው ተዘርግቶም "ሽሽ" ብቻ የሚል ሬዲዮ፦ አንቴና ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር ይሆን?

አድማጭ_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁም። በሁለት ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የእጅ ሬዲዮ አለኝ። ኤፍኤምና ኤኤም ብቻ ነው ያለው። ከላይ እየተሳበ የሚረዝም አንቴና አለው። ጣቢያ መፈለጊያው በጎኑ የሚዞር ክብ ማዞሪያ ነው፤ ሲዞር ቀይዋ መርፌ በቁጥሮቹ ላይ ወዲያና ወዲህ ትሄዳለች።

ድንጋዮቹ ሳይወጡለት ለረጅም ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አሁን አዲስ ድንጋይ አስገብቼ ስከፍተው ኤፍኤም ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሽሽ ብቻ ነው የሚለው። ድምፁን ስጨምር ሽሽታው በደንብ ይጮኻል፤ ስለዚህ ስፒከሩ ደህና ይመስለኛል። ኤኤም ላይ ግን አንድ ጣቢያ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል።

የድንጋዩ ቤት ውስጥ ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ዱቄት አለ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ትንሽ አረንጓዴ። አንቴናው ከሥሩ ላላ ብሏል፤ ቀጥ አድርጌ ባቆመው ወደ ጎን ይወድቃል። አንቴና ገዝቼ ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር ይኖራል? ቴስተር አለኝ፤ ብየዳም ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።

ፈጣን_እጅ

አንቴናው ነው፣ አትድከሚ። ሥሩ ከላላ ግንኙነት የለውም ማለት ነው። ኤኤሙም ከሩቅ የሚመጣ የሚመስለው ለዚያው ነው፤ ሁለቱም የሚቀበሉት በዚያው አንቴና ነውና። አዲስ አስገቢበት። ስፕሪንጉን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊውና ያልቃል።

የመኪና_ሰው

የኔም መኪና ሬዲዮ እንዲህ ያደርገኛል። ስልኬን ቻርጅ ላይ ስሰካ ጣቢያው በሙሉ ሽሽ ይላል፣ ስነቅለው ይመለሳል። አንቴናውን አስቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። የናንተም ከዚህ ጋር ይገናኝ ይሆን?

ቢጫ_ወፍ

ስልክሽ ላይ ያለው ሬዲዮ ነው? እንደዚያ ከሆነ ጆሮ ማዳመጫ ካልሰካሽ አይሠራም፤ ገመዱ ነው አንቴናው።

አድማጭ_ነኝ

@ቢጫ_ወፍ አይ፣ ስልክ አይደለም። ለብቻው የሆነ ሬዲዮ ነው፣ አንቴናውም የብረት ነው። አመሰግናለሁ።

ካውያ

እህቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ትንሽ ቆይ። ፈጣን_እጅ ያለው አንቴና ተጠርጣሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ኤኤሙ ላይ ያለው ግን ልክ አይደለም። ኤኤም የሚቀበለው በውስጡ ባለች ጥቁር ዘንግ ነው፤ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመባት፣ ፌራይት የምትባለዋ። የውጭው ዘንግ ለኤፍኤም ነው፣ አጭር ሞገድ ያለው ሬዲዮ ከሆነ ደግሞ ለአጭር ሞገድ። ስለዚህ ችግሩ አንቴናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤኤሙ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ መሥራት ነበረበት። ያንቺ ኤኤም ከደከመ፣ ሁለቱም የሚጋሩት ነገር አብሮ ተበላሽቷል። የሚጋሩት የመጀመሪያው ነገር ደግሞ ኃይል ነው፤ ማለትም ያ ነጭ ዱቄት።

ሌላው ነገር፣ ሽሽታው ጮክ ማለቱ ጥሩ ዜና ነው። ስፒከሩ፣ ድምፅ ማጉያውና መሃሉ ያለው ክፍል በሕይወት አሉ ማለት ነው። የተበላሸው ከፊት ያለው ነው። ነገር ግን የሽሽታው መጠን ስለ አንቴናው ምንም አይነግርሽም። ኤፍኤም ጣቢያ ካላገኘ አንቴና ኖረም አልኖረም ያው ይጮኻል።

አሁን ሳትከፍቺው የምትሠሪው አንድ ሙከራ አለ። ድግግሞሹን በቁጥር የሚያሳይ ሌላ ኤፍኤም ሬዲዮ ካለሽ አጠገቡ አስቀምጪው፤ በአንድ ስንዝር ርቀት። የታመመውን ሬዲዮ መርፌ 90 ላይ አድርጊ። ጤነኛውን ደግሞ 100.7 ላይ፤ እዚያ ቁጥር ላይ ጣቢያ የሌለና ሽሽ የሚል መሆን አለበት። ከዚያ የታመመውን ማዞሪያ ቀስ ብለሽ ወዲያና ወዲህ አድርጊ። የጤነኛው ሽሽታ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ጸጥ ይላል ወይስ አይልም? ያንን ንገሪኝ።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ አብዛኞቹ በመርፌ የሚሠሩ ሬዲዮኖች ጣቢያ ለመያዝ በውስጣቸው የራሳቸውን ትንሽ ሞገድ ያመነጫሉ፤ ያ ሞገድ ከሚፈልጉት ጣቢያ በ10.7 ሜጋ ኸርዝ ከፍ ይላል። ከውስጡ ትንሽ ወደ ውጭ ያመልጣል። ጤነኛው ሬዲዮ ያንን ባዶ ሞገድ ሲያገኝ ጸጥ ይላል። እዚያ ጸጥታ ካለ ማመንጫው ይሠራል። ማዞሪያውን ስትነኪ ጸጥታው ቦታውን ከቀየረ፣ ማዞሪያው ውስጥ ያለውን ካፓሲተር በትክክል ያዞራል። መርፌዋ እየሄደች ጸጥታው ቦታውን ካልለቀቀ ማዞሪያውን፣ መርፌዋንና ካፓሲተሩን የሚያገናኘው ክር እየተንሸራተተ ነው። ጸጥታ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ማመንጫው ወይ ኃይል አላገኘም ወይ ሞቷል።

@የመኪና_ሰው ያንተ ሌላ ነው ወንድሜ። ቻርጀሩ ራሱ ጫጫታ ይለቃል። ሌላ ቻርጀር ሞክር፤ ለብቻው ክር ክፈትበት፣ እንነጋገራለን። ለእህታችን የሚጠቅም አንድ ነገር ግን አለበት፦ ስትሞክሪ ከቻርጀርና ከኤልኢዲ መብራት ራቅ ብለሽ ሞክሪ።

አድማጭ_ነኝ

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያለ ሙከራ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሠራሁት። መጀመሪያ መርፌዋ 90 ላይ ስትሆን ምንም የለም። ቀስ ብዬ ወደ ላይ ሳዞር 93 አካባቢ ላይ ጤነኛው ጭጭ አለ። ጤነኛውን ወደ 102.7 ስወስደው ደግሞ ጸጥታው መርፌዋ 95 ላይ ስትደርስ መጣ። ስለዚህ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ጸጥታው ላይ አቁሜ የታመመውን ድምፅ ስጨምር ጸጥታው ይጠፋል። ስቀንስ ይመለሳል። ማዞሪያውን አልነካሁም።

ካውያ

ጎበዝ! በጣም ጥሩ አድርገሽ ነው ያየሽው። የመጨረሻው የነገርሽኝ ነገር የድንጋዩን ቤት ጉዳይ ገልጦታል።

ድምፅ ስትጨምሪ ሬዲዮው ብዙ ኃይል ይስባል። በዛገው ስፕሪንግ በኩል ብዙ ኃይል ሲያልፍ ቮልቴጁ እዚያው ላይ ይወድቃል። ወደ ቦርዱ የሚደርሰው ሲያንስ ማመንጫው ከያዘው ቁጥር ይንሸራተታል፤ በጣም ሲያንስ ደግሞ ይቆማል። ጸጥታው የጠፋው ለዚያ ነው። የኤኤሙ መድከምም ከዚሁ ሊሆን ይችላል።

ይህን በቴስተር አረጋግጪው። ድንጋዮቹ በቦታቸው እንዳሉ፣ ሬዲዮው ተከፍቶ፣ ድምፁ ጨምሮ። ቴስተሩን በዲሲ 2 ቮልት ላይ አድርጊ። አንዱን ጫፍ ስፕሪንጉን በሚነካው የድንጋዩ የራሱ ጫፍ ብረት ላይ፣ ሌላውን ስፕሪንጉ ከሽቦው ጋር በተበየደበት ቦታ ላይ። ሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ያው ንክኪው ብቻ ነውና ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከ0.05 በላይ ከሆነ ንክኪው መጥፎ ነው። አዲስ ድንጋይ ለብቻው ለክቶ "1.5 ነው፣ ደህና ነው" ማለት አይጠቅምም። ሥራ ላይ እያለ ነው የሚለካው።

ፈጣን_እጅ

እኔ ግን አሁንም አንቴናው ነው የምለው። ሥሩ የላላ አንቴና ጣቢያ አያመጣም።

ካውያ

አንቴናው ደህና ነው አላልኩም። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያለበት ሬዲዮ ብዙ ነው፤ በተለይ ተዘንግቶ የተቀመጠ። አንዱን ስታስተካክል ምንም ለውጥ ካላየህ ሁለተኛውን ትተወዋለህ፤ ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው።

አድማጭ_ነኝ

ለካሁት። ድምፁ ዝቅ ሲል 0.12፣ ከፍ ሲል 0.6 ቮልት በአንዱ ስፕሪንግ ላይ። ሌላው ንክኪ ላይ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነጩ ዱቄት ያለበት የቀነስ ጎኑ ነው ጥፋተኛው። በምን ላጽዳው? አልካላይን ድንጋይ ነበር ውስጡ የነበረው።

ፈጣን_እጅ

በሶዳ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጪና ቀቢው፤ የድንጋይ አሲድ በሶዳ ነው የሚሞተው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ድረስ።

ካውያ

ሶዳው ለሌላ ዓይነት ድንጋይ ይሠራል። በድሮው ዚንክ ካርቦን ድንጋይ ከሆነ ፈሳሹ ወደ አሲድ ያደላል፣ ሶዳ ይስማማዋል። አልካላይን ግን በስሙ እንዳለ ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው ጠንካራ አልካሊ ነው። ለዚያ አሲድ ነው የሚያስፈልገው፤ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይበቃል።

የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በኮምጣጤ እርጥብ አድርጊ፤ እንዳይንጠባጠብ። ዱቄቱ ላይ አስቀምጪው፣ አረፋ ይላል፤ አረፋው እስኪያበቃ እየቀያየርሽ አሽው። ከዚያ በውሃ በረጠበ ሌላ ጥጥ ኮምጣጤውን አጥፊ፤ ኮምጣጤው እዚያ ከቀረ እሱም ራሱ ያዝጋል። በመጨረሻ በአልኮል ጠርገሽ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ተይው። ጓንት አድርጊ፣ ዓይንሽንም ጠብቂ፤ ዱቄቱ እጅን ያቃጥላል። ኮምጣጤ ወደ ቦርዱ እንዳይፈስ ሬዲዮውን አዘንብለሽ ያዢው።

ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ፦ ስፕሪንጉ ከላይ የተቀባ ብረት ነው። ስትፈገፍጊው ሽፋኑ ይነሳል፣ ዛሬ ያብለጨልጫል፣ ቆይቶ ከበፊቱ የበለጠ ይዝጋል። በእርሳስ ማጥፊያ ጎማ መጀመሪያ ሞክሪ፤ እሱ ሽፋኑን አይጎዳም። ኮምጣጤውም ጎማውም ካልነኩት ብቻ ነው ቀስ ብሎ መፈግፈግ። ከተፈገፈገም የተላጠው ቦታ ላይ በካውያ ስስ የብየዳ እርሳስ ማልበስ ይሻላል።

ፈጣን_እጅ

እኔ ሁልጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ነው የምሠራው፣ የተመለሰብኝ የለም። ቀጭኑን ወረቀት ከተጠቀምሽ ችግር የለውም። ኮምጣጤ ቀርቶ ሽቦውን ሲበላ ግን አይቻለሁ።

ካውያ

ኮምጣጤው ካልታጠበ ይበላል፣ በዚያ አንከራከርም። በወረቀቱ ግን አልስማማም።

አድማጭ_ነኝ

በኮምጣጤ ነው የሠራሁት፣ እንደተባለው በውሃና በአልኮል ጨረስኩት። አሁን ንክኪው ላይ 0.02 ነው። ድምፅ ስጨምር ጸጥታው ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ትንሽ ግን አሁንም ይንሸራተታል። ኤኤሙ በግልጽ ተሻሻለ፣ ሁለት ጣቢያ ይሰማኛል። ኤፍኤም ግን ያው ሽሽ።

ከፈትኩት። ስፕሪንጉ ላይ የተበየደው ጥቁር ሽቦ ወደ ቦርዱ ይሄዳል። በጥቁሩ ሽቦ ሁለት ጫፎች መካከል 0.25 ቮልት አለ! ሽቦ ላይ እንዴት ቮልቴጅ ይቀራል?

ካውያ

ሽቦውን በስለት ትንሽ ላጪው፤ ውስጡ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አልካሊው በፕላስቲኩ ሥር እየተሳበ ሽቦው ውስጥ ይገባል፤ በቀነስ ጎን ያለው ሽቦ ላይ ይሄ ብዙ ይታያል። ከላይ ሲታይ ምንም የለውም። ጥቁር የሆነ ሽቦ ብየዳ አይቀበልም፣ ስለዚህ አትድከሚበት፤ ሙሉውን አውጪና በአዲስ ተኪው።

አሁን ወደ አንቴናው። መጀመሪያ ግን ማስጠንቀቂያ፦ ቦርዱ ላይ ጥቅልል የሚባሉ፣ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠሙ ወፍራም ሽቦዎች ታያለሽ፤ አንዳንዶቹ ሰም ፈሶባቸዋል። እነሱን አትንኪ። አንዱ ትንሽ ቢዘረጋ መርፌዋ የምታሳየው ቁጥር በብዙ ይዛባል። ካፓሲተሩ ጀርባ ያሉት ትናንሽ ቪቴዎችንም እንዲሁ።

ከአንቴናው የሚመጣ አንድ ሽቦ ቦርዱ ላይ ይበየዳል። እዚያ የብየዳ ቦታ ላይ 75 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ማንኛውም ሽቦ ንክኪ አድርገሽ ያዢ። 75 ያልኩት በምክንያት ነው፤ 100 ሜጋ ኸርዝ ላይ ሞገዱ 3 ሜትር ነው፣ ሩቡ 75 ነው። ሽቦውን ቀጥ አድርገሽ ከፍ አድርጊና ጣቢያ ፈልጊ። ጣቢያ ከመጣ ጥፋቱ ከብየዳው ወደ ውጭ ነው፤ አንቴናው፣ መገጣጠሚያው ወይም ሽቦው። ካልመጣ ወደ ውስጥ ነው፤ ያኔ አዲስ አንቴና ብትገዢም አይረዳሽም።

አድማጭ_ነኝ

መጣ!! ሽቦውን እንደነካሁት ጣቢያዎቹ ጥርት ብለው ገቡ። የድሮው አንቴና ግን ተዘርግቶ እያለ ምንም የለም።

ፈጣን_እጅ

አላልኩም?

ካውያ

አንቴናው ላይ አንተ ልክ ነህ፣ ደስ ይላል። ነገር ግን የቱ ክፍሉ እንደሆነ አሁን እንየው፤ ምክንያቱም ሁሉም አንቴናው ራሱ አይደለም።

እህቴ፣ ቴስተሩን በኦም ላይ አድርጊ። አንዱን ጫፍ አንቴናው ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የአንቴናው መቀመጫ ቪቴ ላይ። እየሳብሽና እያጠፍሽ አንቴናውን አንቀሳቅሺው። ቁጥሩ ከ1 ኦም በታች ከቆየ አንቴናው ደህና ነው። ከዘለለ ወይ የክፍሎቹ መጋጠሚያ ወይ የታችኛው መታጠፊያ ነው። ቀጥሎ ከቪቴው እስከ ቦርዱ ብየዳ ድረስ ለኪ። ቦርዱ ላይ ከብየዳው አልፈሽ አትለኪ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ትንሽ ካፓሲተር አለ፣ ቴስተሩ "ክፍት ነው" ይልሻል። በሌላ በኩል አንቴናው ከቀነስ ጋር የተገናኘ መስሎ ቢታይሽ አትደንግጪ፤ በብዙ ሬዲዮ ውስጥ የአንቴናው ጥቅልል ሌላው ጫፉ ቀነስ ላይ ነው።

አድማጭ_ነኝ

ከጫፍ እስከ ቪቴው 0.4 ኦም። ሳንቀሳቅሰው አንዳንዴ ወደ 3 ይዘላል፣ ግን አይቆረጥም። ከቪቴው እስከ ቦርዱ ግን ክፍት ነው። ሽቦውን በጣቴ ሳጎብጠው ለቅጽበት ይገናኛል፣ ሲለቀቅ ይቆረጣል።

ቪቴውን ፈትቼ አየሁት። ሥሩ ላይ ቀለበት የመሰለች ቆርቆሮ አለች፤ ሽቦው እሷ ላይ ነው የተበየደው። ፕላስቲኩ ደህና ይመስላል፣ ነገር ግን ከቆርቆሮዋ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ስስብበት ለጠጥ ይላል፤ ውስጡ ያሉት ክሮች ተቆርጠዋል።

ካውያ

እሱ ነው። አንቴናው በታጠፈና በዞረ ቁጥር ቪቴው አብሮ ይነቃነቃል፣ ቆርቆሮዋም ትዞራለች፣ ሽቦው ደግሞ በዚያች አንድ ነጥብ ላይ እየታጠፈ ይቆረጣል። ፕላስቲኩ ስለሚይዘው ከውጭ ሙሉ ይመስላል።

አሠራሩ፦ ቆርቆሮዋን ከሬዲዮው ሙሉ በሙሉ አውጪና በውጭ በይጂ። ቪቴው ላይ እንዳለች ካበየድሽ ሙቀቱ ወደ መቀመጫው ሄዶ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ ከዚያ አንቴናው መቼም አይጠብቅም። በቀጥታ አንቴናው ብረት ላይ ለመበየድም አትሞክሪ፤ ክሮም የተቀባ ስለሆነ ብየዳ አይይዝም። ሽቦውን በብዙ ቀጭን ክር በተሠራ ለስላሳ ሽቦ ተኪው፤ ትንሽ ተርፎ እንዲጎብጥ አድርጊ እንጂ ቀጥ ብሎ እንዳይወጠር። ሲገጠም ቆርቆሮዋ ከቪቴው ጋር እንዳትዞር በፒንሳ ያዢያት፤ ከተቻለ ጥርስ ያለው ዋሸር ከሥሯ አድርጊ። ለጎን የሚወድቀው አንቴና ደግሞ መታጠፊያው ላይ ያለውን ቪቴ ስታጠብቂ ይቆማል፤ ቪቴ ሳይሆን ሪቬት ከሆነ በመዶሻ ቀስ ብለሽ ከታች ብረት አስደግፈሽ ንኪው።

ዲጂታል_ዘመን

ጋሼ፣ ያ በሁለተኛ ሬዲዮ የሚደረገው ሙከራ እኔ ጋ አልሠራም። የኔም መርፌና ማዞሪያ ያለው ነው፣ ግን ጸጥታ የሚባል ነገር አላገኘሁም። ሬዲዮው ጣቢያ ይይዛል እኮ! ሳዞር ግን ጣቢያው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ አንዳንዴ መሃል ላይ ተመልሶ ይሄዳል።

ካውያ

ያንተ ውስጡ ዲኤስፒ ነው። አዳዲሶቹ ርካሽ ሬዲዮኖች ከውጭ መርፌ አላቸው፣ ከውስጥ ግን አንዲት ቺፕ ናት ሥራውን የምትሠራው። እነሱ በ10.7 ላይ ስለማይሠሩ የእኔ ሙከራ አይነካቸውም። ማዞሪያው ካፓሲተር ሳይሆን እንደ ቮልዩም ያለ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው፤ ቺፗ ከእሱ የምታነበው ቮልቴጅ ነው ጣቢያውን የሚወስነው። ሬዚስተሩ ውስጥ አቧራ ሲገባ ንባቡ ይዘላል፣ ጣቢያውም አብሮ ይዘላል። የንክኪ ማጽጃ ርጭት በቀዳዳው ትንሽ አስገባና ከጫፍ ጫፍ ደጋግመህ አዙረው። ዘይት ያለበት ርጭት አትጠቀም፤ አቧራ ይሰበስባል።

አድማጭ_ነኝ

ሁለቱንም ሽቦዎች ቀየርኩ። ጥቁሩ ውስጡ እንዳሉት ጥቁር ነበር ጋሼ፤ ክሮቹ በጣት ሲነኩ ይፈረፈራሉ። ቆርቆሮዋን አውጥቼ በይጄ ገጠምኩ፣ አንቴናውንም አጠበቅሁ። ኤፍኤም ከነሙሉ ድምፁ ይሠራል! ድምፅ ስጨምር ጣቢያው አይሸሽም። አንቴናው ራሱ የድሮው ነው፣ አልቀየርኩትም።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። መርፌዋ አሁንም 3 ያህል ወደ ላይ ታሳያለች። 95 ላይ የሚገኘው ጣቢያ መርፌዋ 98 ላይ ስትሆን ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ሙከራ ላይም 90 መሆን የነበረበት 93 ላይ ነበር። ክሩ ተንሸራቶ ነው ወይስ ጥቅልሉ?

ፈጣን_እጅ

መርፌዋን በጣትሽ ይዘሽ ወደ ቦታዋ ግፊያት። ክሩ ላይ በሙጫ ብቻ ነው የተያዘችው።

ካውያ

ከመግፋትሽ በፊት አንድ ነገር እዪ። ልዩነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው? ኤኤሙስ ላይ? መርፌዋ ክሩ ላይ ተንሸራታ ከሆነ መርፌዋ አንዲት ስለሆነች ኤኤሙም በተመሳሳይ ርቀት ይዛባል፤ ያኔ ፈጣን_እጅ እንዳለው ትገፊያታለሽ። ኤኤሙ ልክ ሆኖ ኤፍኤሙ ብቻ ከተዛባ መርፌዋ ንጹህ ናት፤ የኤፍኤሙ ጥቅልል ወይም ትንሿ ቪቴ ከቦታዋ ሄዳለች። ያኔ መርፌዋን ብትገፊ ኤፍኤሙ ልክ ይሆንና ኤኤሙን ታበላሺዋለሽ።

ማዞሪያው መሃል ላይ ያለችውንም ቪቴ አይተሽ ላልታ ከሆነ አጥብቂያት። ቪቴዋ ከጠፋችና ሌላ የምትተኪ ከሆነ ረዘም ያለ እንዳትጠቀሚ፤ ረጅሙ ወደ ውስጥ ገብቶ የካፓሲተሩን ቅጠሎች ይወጋል፣ ከዚያ መዳኛ የለውም።

አድማጭ_ነኝ

ኤኤም ላይ ቁጥራቸውን በእርግጠኝነት የማውቀው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ 800 አካባቢ። እሱ ልክ ቁጥሩ ላይ ይመስላል፣ ግን የኤኤም ቁጥሮቹ የተጨናነቁ ስለሆኑ ትንሽ መዛባት በዓይን መለየት ከባድ ነው። ኤፍኤሙ ታች 88 አካባቢ ላይ 3፣ ላይ 105 አካባቢ ላይ ወደ 2 ነው የሚዛባው።

ካውያ

ልዩነቱ ከታችና ከላይ እኩል ካልሆነ ወደ ጥቅልሉ አደላለሁ። ግን የቁጥሮቹ ርቀት ራሱ ሰሌዳው ላይ እኩል ስላልሆነ በሁለት ነጥብ ብቻ አልፈርድም። የኤኤሙን ሌላ ጣቢያ ላይኛው ጫፍ ላይ ፈልጊልኝ፤ ማታ ላይ ሩቅ ያሉት ስለሚገቡ ይቀልሻል። በሁለተኛው ሬዲዮም መሞከር ይቻላል፤ ኤኤም ላይ ልዩነቱ 10.7 ሳይሆን 455 ኪሎ ኸርዝ ነው። መርፌዋ 600 ላይ ስትሆን ጤነኛውን 1055 አካባቢ አድርጊ፤ እዚያ ጣቢያ ካለ ፉጨት ይሰማል፣ ከሌለ ሽሽታው ዝቅ ይላል።

የሌሊት_ሞገድ

ሁሉንም አነበብኩ። እኔ ግን ሬዲዮው እየሠራ ከሆነ ጥቅልሉን ባትነካው እመክራለሁ። የት ምን እንዳለ በማስታወሻ ወረቀት ጽፋ ብትለጥፍበት ይበቃል።

ካውያ

የመጨረሻው ምርጫ የእሷ ነው። ጥቅልሉን የምትነካ ከሆነ ግን በብረት ካቻቢቴ አይሁን፤ ብረቱ ራሱ ቁጥሩን ይቀይረዋል። በቀጭን የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ስንጥር፣ ጣቢያ እየሰማች፣ በፀጉር ያህል። የጥቅልሉ ዙሮች ሲጠጋጉ ጣቢያዎቹ ሰሌዳው ላይ ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ ሲራራቁ ወደ ታች። ያንቺ ወደ ላይ ስለሆነ የተዛባው ማራራቅ ነው የሚያስፈልገው። መጀመሪያ ግን የኤኤሙን ውጤት እጠብቃለሁ።